ድንጋዩ የደበቀው ዘንግ፦ የአንድ የድሬዳዋ የውበት ሳሎን ቦይለር

ሳሎኗ ከዚራ ውስጥ ናት። ግድግዳ ላይ ቆሞ የተሰቀለ 80 ሊትር የሚይዝ የኤሌክትሪክ ቦይለር አላት። ኤለመንቱ 1,500 ዋት ነው። ጋኑ ብረት ሆኖ ውስጡ በኢናሜል የተለበጠ ነው። ቦይለሩ ከተገጠመ ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል። ጠዋት ሳሎኗ ስትከፈት ይበራል፣ ማታ ስትዘጋ ይጠፋል። የፀጉር ማጠቢያዎቹ ሥራ ሲበዛባቸው በቀን እስከ 150 ሊትር ሙቅ ውሃ ይወስዳሉ።

የባለቤቷ አቤቱታ አጭር ነበር። «ወንድሜ፣ ሁለት ጊዜ አሠርቼዋለሁ። አሁንም ከሁለት ደንበኛ በኋላ ለብ ያለ ውሃ ነው የሚመጣው። ደግሞ ድምፅ ያሰማል» አሉኝ። መጀመሪያ የሠራላቸው ባለሙያ ቴርሞስታቱን ቀየረ። ለጥቂት ወራት ደህና መስሎ ነበር። ከዓመት በፊት ደግሞ ሌላ ባለሙያ መጥቶ ኤለመንቱን ቀየረ። ያኔ ጋኑ ስለተከፈተ ጋኑን ከዝገት የሚጠብቀው የማግኒዚየም ዘንግም ታይቶ ነበር። «ይሄ ገና ወፍራም ነው» ብሎ መልሶ አሰረው። ይህን ቃል ያዙልኝ፣ የጉዳዩ ዋና ነገር እሱ ነው።

ጋኑን ከመክፈቴ በፊት አንድ ነገር ማየት ፈለግሁ። ቦይለሩ በትክክል ቢሠራ ምን ያህል ጊዜ መብራት ነበረበት? የድሬ ውሃ ከቧንቧ ሲወጣም ለብ ያለ ነው። ያን ቀን 27 ዲግሪ ነበር። 80 ሊትር ውሃ ከ27 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል። በ1,500 ዋት ኤለመንት ይህ ሁለት ሰዓት ገደማ ይወስዳል። የዚህ ቦይለር መብራት ግን በአርባ ደቂቃ ጠፋ። ቴርሞስታቱ መጨረሻው ላይ፣ ማለትም 75 ዲግሪ ላይ ተደርጎ ነበር። ከማጠቢያው የወጣው ውሃ ግን 41 ዲግሪ ነው።

ኤለመንቱ ቢቃጠል ኖሮ ውሃው ጨርሶ አይሞቅም ነበር። ቴርሞስታቱ ደግሞ አዲስ ነው። ታዲያ 75 ዲግሪ ደርሻለሁ ብሎ ለምን አጠፋ? ምክንያቱ ቴርሞስታቱ የተቀመጠበት ቦታ ነው። የቴርሞስታቱ ቀጭን ዘንግ የሚገባው ከኤለመንቱ ጎን በቆመች ደረቅ ቱቦ ውስጥ ነው። ቱቦዋን የሚከባት ውሃ መሆን አለበት። ኤለመንቱም ቱቦዋም አንድ ላይ ውሃ ሲሞቅ በሚዘቅጠው ድንጋይ ከተጋገሩ ግን ቴርሞስታቱ የሚለካው የድንጋዩን ሙቀት ይሆናል። ድንጋዩ ቶሎ ይግላል፣ ቴርሞስታቱ ያጠፋል፣ የላይኛው ውሃ ግን ገና ነው። ድምፁም ከዚያው ነው የሚመጣው። በድንጋዩና በኤለመንቱ መካከል የገባ ውሃ ባለበት ይፈላና እንፋሎት እየሆነ ቅርፊቱን ይሰነጥቃል። ባለቤቷ የሚሰሙት ጠቅ ጠቅ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። በኤሌክትሪክ ቦይለር ድንጋይ ዋና ጉዳቱ የመብራት ሂሳብ ላይ አይደለም። ኤለመንቱ ውሃው ውስጥ ስለተነከረ የሚያመነጨው ሙቀት ዞሮ ዞሮ ወደ ውሃው መግባቱ አይቀርም፣ መውጫ የለውማ። በጋዝ የሚሠራ ቢሆን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ እሳቱ ከውጭ ስለሆነ ሙቀቱ በጭስ ማውጫው ይሄዳል። በኤሌክትሪኩ የሚጎዳው ራሱ ኤለመንቱ ነው። ሙቀቱን ቶሎ ማስረከብ ሲያቅተው ከልክ በላይ ይግላል፣ ሽፋኑ ይሰነጠቃል፣ ከዚያ ይቃጠላል ወይም ብሬከር መጣል ይጀምራል። ሁለተኛው ጉዳት እንደዚች ሳሎን ያለ የውሸት «ሞቋል» ነው።

የድሬ ውሃ ለምን እንዲህ ይሆናል? ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ ነው። በዙሪያዋ ያለው ተራራ ብዙው የኖራ ድንጋይ ነው። ሲሚንቶ ፋብሪካ እዚያ የተተከለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዝናብ አፈር ውስጥ ሲያልፍ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፣ ትንሽ አሲድነት ያገኛል፣ የኖራ ድንጋዩንም እያሟሟ ይዞት ይወርዳል። ይህ የሟሟ ድንጋይ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይታይም። ውሃው ሲሞቅ ጋዙ ይወጣል፣ የሟሟውም መልሶ ድንጋይ ይሆናል። ካልሲየም ካርቦኔት፣ በቀመር CaCO3 የሚባለው እሱ ነው። ከ60 ዲግሪ በላይ ሲኬድ ነገሩ ይፈጥናል። በጥንካሬ መለኪያ ጠብታ የሳሎኗን ውሃ ስለካው የሟሟው ድንጋይ በሊትር 400 ሚሊ ግራም አካባቢ ሆነ። ከ180 በላይ የሆነ ውሃ በጣም ጠንካራ ከሚባለው ይመደባል። ከዚህ ውስጥ በየሊትሩ 70 ሚሊ ግራም ብቻ ቦይለሩ ውስጥ ቢቀር እንኳ በቀን 150 ሊትር ሲታሰብ በዓመት ከሦስት ኪሎ በላይ ድንጋይ ይሆናል።

ወደ ሥራው ገባን። መጀመሪያ ብሬከሩን አወረድኩ፣ መብራት አለመኖሩን በቴስተር አረጋገጥኩ። ማብሪያውን ማጥፋት ብቻ አይበቃም። አንዳንድ ቤት ማብሪያው የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው፣ ኤለመንቱ ላይ መብራት ይቀራል። ቀጥሎ የቀዝቃዛውን ውሃ ዘጋሁ፣ የሙቁን ቧንቧ ከፈትኩ፣ በሴፍቲ ቫልቩ በኩል ውሃውን ለመልቀቅ ሞከርኩ። የቫልቩ እጀታ አልንቀሳቀስ አለ። በድንጋይ ተጣብቋል። ጫፉ ላይ ደግሞ የሆነ ሰው «ይንጠባጠባል» ብሎ በላስቲክ አስሮታል።

ይሄን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። 80 ሊትር ውሃ ከ27 ወደ 65 ዲግሪ ሲሞቅ 1.3 ሊትር ያህል ይጨምራል። ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚከለክል ቫልቭ ስላለ ያ ትርፍ ውሃ መውጫው አንድ ነው፣ በሴፍቲ ቫልቩ መንጠባጠብ። በሚሞቅበት ሰዓት መንጠባጠቡ ጤነኛ ነው። ያንን ማሰር ጋኑን ማስጨነቅ ነው። ኢናሜሉ ይሰነጠቃል፤ ቴርሞስታቱ ሳያጠፋ ቀርቶ ውሃው ቢፈላ ደግሞ ጋኑ ሊፈነዳ ይችላል። ቫልቩን በአዲስ ቀየርነው። እጀታውን በወር አንዴ ማንሳት እንዳለባቸው ለባለቤቷ አሳየኋቸው።

ውሃው ከወረደ በኋላ የታችኛውን ክዳን አወለቅሁ። የሽቦዎቹን አቀማመጥ በስልክ ፎቶ አነሳሁ። ኤለመንቱን የያዘውን የብረት ሳህን ብሎኖች አላላሁ። ሳህኑ ግን አልወርድ አለ። ድንጋዩ ኤለመንቱን ከጋኑ ጋር አጣብቆታል። በኃይል ቢጎተት የጋኑ አፍ ላይ ያለው ኢናሜል ይላጣል። ስለዚህ ግራና ቀኝ በቀስታ እያወዛወዝኩ፣ በክፍተቱ የእንጨት ዘንግ እያስገባሁ ቅርፊቱን ሰበርኩ። ሳህኑ ሲወርድ ድንጋዩ ተከትሎ ባልዲው ውስጥ ፈሰሰ። ከላይ ያለው እንደ እንቁላል ቅርፊት ስስ ስባሪ ነው። ከሥር ያለው ግን እንደ አሸዋ የረጋ፣ እጅ አስገብቶ መዛቅ የሚጠይቅ። በጎረቤት ሱቅ ሚዛን 11 ኪሎ ሆነ። ኤለመንቱ የሰው ክንድ ያህል ወፍሮ ነበር። የቴርሞስታቱ ቱቦ ከመሀሉ ጠፍቷል።

አሁን ጥያቄው ምን እንጠቀም የሚለው ነው። ባለቤቷ አቼቶ ገዝተው አዘጋጅተው ነበር። አቼቶ ይሠራል፣ ግን ሂሳቡን እንየው። አንድ ሊትር 5 በመቶ አቼቶ የሚያሟሟው ድንጋይ 42 ግራም አካባቢ ነው። 11 ኪሎ ለማሟሟት ከ260 ሊትር በላይ ያስፈልግ ነበር። ሁለት ጠርሙስ አቼቶ ቦይለር ውስጥ ጨምሮ «አጸዳሁት» የሚል ሰው ያጸዳው ሩብ ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሲትሪክ አሲድ ይሻላል። ዱቄት ስለሆነ ለመያዝም ለመመዘንም ይቀላል፣ አያፍንም። አንድ ኪሎ ሲትሪክ አሲድ 780 ግራም ያህል ድንጋይ ያሟሟል። ያም ቢሆን ለ11 ኪሎ 14 ኪሎ ዱቄት ይሆናል። ስለዚህ ብዙው ድንጋይ የሚወጣው በእጅና በእንጨት ነው። አሲድ ለመጨረሻው ቅሪት ነው የሚቀመጠው።

አንዳንድ ባለሙያ ሽንት ቤት የሚታጠብበትን ጠንካራ አሲድ ይጠቀማል። ፈጣን ነው፣ ያፈላዋል፣ ዓይን ያያል። እኔ ቦይለር ውስጥ አላስገባውም። ኢናሜሉ ራሱ ይቋቋመው ይሆናል፣ ከኢናሜሉ ቀዳዳ ሥር ያለው ብረት ግን አይችለውም። የኤለመንቱንም የመዳብ ሽፋን ይበላል። ከሁሉ የከፋው በረኪና ነው። አሲድና በረኪና ከተገናኙ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። እንደዚህ ሳሎን ያለ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ፎጣ ማጠቢያ በረኪና ሁልጊዜ አለ። ሥራ ከመጀመሬ በፊት ጠርሙሱን ከክፍሉ አስወጣሁት። ሲትሪክ አሲድም ቢሆን ከበረኪና ጋር አይቀላቀልም።

ከአሲዱ በፊት ግን አንድ ሙከራ አለ። ከድንጋዩ ስባሪ ወስዶ አቼቶ ላይ መጣል ነው። አረፋ እየሰጠ ከተንጫጫ ካርቦኔት ነው፣ አሲድ ይሠራበታል። ዝም ካለ ጂፕሰም ሊሆን ይችላል። እሱን ሲትሪክም አቼቶም አያሟሙትም፣ በእጅ ብቻ ነው የሚወጣው። የሳሎኗ ድንጋይ ወዲያው ተንጫጫ፣ ከሥሩ ጥቂት ቡናማ ደለል ብቻ ተረፈ።

ኤለመንቱን ለብቻው አጸዳነው። ወፍራሙን ቅርፊት በእንጨት እጀታ ቀስ እያልኩ ሰበርኩ። መዶሻ አያስፈልግም፣ ከተሰነጠቀ በኋላ ራሱ ይላቀቃል። የቀረውን በፕላስቲክ ባልዲ፣ በ5 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ግማሽ ኪሎ ሲትሪክ አሲድ አሟሙቼ ነከርኩት። የሽቦ ማሰሪያው ጫፍ ከውሃው በላይ መቅረት አለበት። ማታ ገብቶ ጠዋት መዳቡ ታየ። ካጠብኩና ካደረቅሁ በኋላ በቴስተር ለካሁት። ለ220 ቮልት የ1,500 ዋት ኤለመንት 32 ኦም አካባቢ ማሳየት አለበት። አሳየ። ከማሰሪያው ወደ ሽፋኑ ሲለካ ምንም ንክኪ የለም። ያ ኤለመንት ደህና ነው፣ መለወጥ አላስፈለገውም። በነገራችን ላይ ከዓመት በፊት የተጣለውም ምናልባት ደህና ነበር።

ጋኑን በተመለከተ፣ በስልክ መብራትና በትንሽ መስታወት ውስጡን አየሁት። ከታች የቀረውን በእጅ ዛቅሁ። ግድግዳው ላይ የተጣበቀውን ስስ ነጭ ሽፋን ግን አልነካሁትም። እሱ ሙቀት አያግድም፣ ማንንም አይጎዳም። በብረት ሲፋቅ የሚላጠው ኢናሜሉ ነው። «እስኪያብለጨልጭ አጽዳልኝ» የሚል ደንበኛ ካለ ይህን ማስረዳት ይገባል።

ከዚያ አሲዱ። አንድ ኪሎ ሲትሪክ በ20 ሊትር ለብ ባለ ውሃ አሟሟሁ፣ እጅ የሚችለው ሙቀት ማለት ነው። በጣም ሲሞቅ ካልሲየም ሲትሬት የሚባል ነጭ ሙጫ መሰል ነገር ይዘቅጣል፣ መልሶ ሌላ ቅርፊት ይሆናል። የማግኒዚየም ዘንጉን ከሳህኑ ላይ ፈትቼ ቀዳዳውን በብሎንና በጎማ ዘጋሁት። ይህ የሚረሳ ነገር ነው። አሲድ ማግኒዚየም በፍጥነት ይበላል። አዲስ ዘንግ አስረው አሲድ የሚያስገቡ ሰዎች አዲሱን ዘንግ ዕለቱኑ ያቃጥሉታል። በተጨማሪ ሃይድሮጅን ጋዝ ይወጣል። ሳህኑን በአሮጌው ጎማ ለጊዜው አሰርኩ፣ አሲዱን በሙቅ ውሃ መውጫው በኩል በቀጭን ጎማ አስገባሁት። መውጫውን ክፍት ተውኩት፣ ጋዙ መተንፈሻ ይፈልጋል። ኤለመንቱን በዚህ ሰዓት ማብራት በፍጹም አይቻልም፣ ግማሹ ውሃ ውስጥ አይደለም።

ለጥቂት ሰዓት ካቆየሁት በኋላ ትንሽ ቀድቼ ሞከርኩት። ዘዴው ቀላል ነው። ከባልዲው የድንጋይ ስባሪ ወስዶ በቀዳነው ፈሳሽ ላይ መጣል። ካፈላ አሲዱ ገና ጉልበት አለው፣ ጋኑ ውስጥ የቀረው ድንጋይ አልቋል ማለት ነው። ዝም ካለ አሲዱ ተሟጧል፣ ድንጋዩ አላለቀም፣ አዲስ መበጥበጥ ያስፈልጋል። የእኛው አፈላ። ፈሳሹን በብዙ ውሃ ቀጥኜ ወደ ፍሳሽ ለቀቅሁት። ሲሚንቶ ወለል ላይ ወይም እብነ በረድ ላይ ከፈሰሰ ይበላዋል፣ እዚያው ማጠብ ይገባል። ጋኑን ሦስት ጊዜ ሞልቼ አፈሰስኩ።

አሁን ወደ ዘንጉ ልመለስ። በኢናሜል የተለበጠ ጋን ውስጥ ኢናሜሉ ብርጭቆ ነው። በብየዳው መስመርና በአፉ ጠርዝ ላይ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች አይጠፉትም። በእነዚያ በኩል ብረቱ ውሃ ይነካል። ማግኒዚየም ከብረት ይልቅ ለመበላት ፈጣን ስለሆነ፣ ሁለቱ በብረት ተገናኝተው በአንድ ውሃ ውስጥ ሲሆኑ ማግኒዚየሙ ይበላል፣ ብረቱ ይተርፋል። ማግኒዚየሙ ሲያልቅ ተራው የብረቱ ነው። የሚበሳው ደግሞ ቀጭን ቀዳዳ ነው። እሱ ከተበሳ ብየዳ አይሠራም፣ ብየዳው ኢናሜሉን ያቃጥለዋል።

የሳሎኗ ዘንግ ከላይ ሲታይ ነጭና ወፍራም ነበር። ከዓመት በፊት የታየውም ይህ ነው። እኔ በጠፍጣፋ ካቻቢቴ ጫፍ ቆረቆርኩት። ነጩ ነገር እንደ ኖራ እየተፈረከሰ ወደቀ። ከሥሩ የቀረው በመሀል ያለው ቀጭን የብረት ሽቦ ብቻ ነበር፣ ርዝመቱ ሁለት ሦስተኛ ድረስ ራቁቱን። ከሳህኑ አጠገብ ጣት የማይሞላ ጉማጅ ማግኒዚየም ቀርቶታል። ያ ወፍራም ነገር የድንጋይና የተበላ ማግኒዚየም ውጤት የሆነ ቅርፊት ነው። የዘንጉን ቅርጽ ይዞ ቆይቷል፣ ዘንጉ ግን ውስጡ የለም።

ጠንካራ ውሃ ባለበት አገር ዘንግን በዓይን ብቻ ማየት የማይበቃው ለዚህ ነው። መፋቅ ያስፈልጋል። ቅርፊቱን ከፋቁ በኋላ የሚያበራ ግራጫ ብረት ከታየና ውፍረቱ ከአዲሱ ግማሽ በላይ ከሆነ ይመለስ። መሀሉ ላይ ያለው ሽቦ በጉልህ ከታየ ወይም ውፍረቱ ከግማሽ ከወረደ ይቀየር። ሌላ ችግርም አለ። ዘንጉ ገና ሙሉ ሆኖ ጠንካራ ድንጋይ ዙሪያውን ሊያሽገው ይችላል። እንዲህ ያለ ዘንግ ጤነኛ ይመስላል፣ ግን ውሃ ስለማይነካው ጋኑን አይጠብቅም። እሱን ፍቆ መመለስ ይቻላል።

በአንዳንድ ቦይለሮች ዘንጉ ከጋኑ በፕላስቲክ ተለይቶ በአንዲት ሽቦ ብቻ ይገናኛል። እነሱ ላይ ጋኑ ውሃ እንደሞላ ሽቦዋን ነቅሎ በመሀል ቴስተር በሚሊ አምፒር ማስገባት ይቻላል። ከ0.3 ሚሊ አምፒር በታች ካሳየ መክፈትና ማየት ይገባል። የሳሎኗ እንደዚያ አይደለም፣ ዘንጉ በቀጥታ ከሳህኑ ጋር በዳዶ የታሰረ ነው። እንዲህ ያለውን ሳይከፍቱ ማወቅ አይቻልም።

አዲስ ዘንግ ስንገዛ አሮጌውን ይዤ ሱቅ ሄድኩ። የጥርሱ ውፍረት ይለያያል፣ ርዝመቱም ኤለመንቱን እንዳይነካ ልክ መሆን አለበት። ያገኘነው 22 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ነበር። ስናስር የሳህኑን መቀመጫ እስኪያበራ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግሁት። ዘንጉ የሚሠራው በብረትና በብረት ንክኪ ነው። ዝገት ወይም ቀለም መሀል ላይ ከገባ ዘንጉ ዝም ብሎ የተንጠለጠለ ብረት ይሆናል። የሳህኑን ጎማ በአዲስ ቀየርኩ። ብሎኖቹን በተቃራኒ በኩል እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ። ጋኑ ሞልቶ በሙቁ ቧንቧ ውሃ ያለ አየር እስኪወጣ ድረስ ብሬከሩ አልተነሳም። ባዶ ጋን ላይ የበራ ኤለመንት በደቂቃዎች ይቃጠላል።

ያ ዘንግ ባዶ ሆኖ ቢያንስ ዓመት ስለሠራ ጋኑ ተጎድቶ ይሆን የሚል ጥያቄ ቀረ። በመስታወቱ ሳይ አፉ አጠገብ ባለው ብየዳ ላይ ምስር የሚያክሉ ሦስት ቡናማ ነጥቦች አሉ። በጣቴ ስነካቸው ዱቄት ናቸው፣ ቅርፊት ሆነው አይላቀቁም። የሙቀት መጠበቂያው ስፖንጅ ደረቅ ነው። ጋኑ አላፈሰሰም። ስለዚህ ቦይለሩ ይትረፍ አልን። ባለቤቷን ግን በግልጽ ነገርኳቸው፣ አዲሱ ዘንግ የጀመረውን ዝገት ያዘገየዋል እንጂ የተበላውን ብረት አይመልሰውም።

ሌላው ለውጥ ሙቀቱ ነው። ቴርሞስታቱን ከ75 ወደ 60 አወረድነው። ድንጋዩ ይቀንሳል፣ ለፀጉር ማጠቢያም 60 ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ በታች እንዲወርድ ግን አልፈለግሁም። ባክቴሪያ ለብ ባለ የቆመ ውሃ ውስጥ ይራባል፣ በተለይ ሌጂዮኔላ የሚባለው። ባለቤቷ ውሃ የሚያለሰልስ መሣሪያ ስለመግጠም ጠየቁ። በጨው የሚሠራው ዓይነት ድንጋዩን በእርግጥ ያስቀራል። ግን ዘንጉን ቶሎ ሊያስጨርስ ይችላል፣ ስለዚህ ዘንጉን መፈተሹ ይብሳል እንጂ አይቀርም። ለአንድ ቦይለር ወጪው አልታያቸውም። ተውነው።

ሥራው ባለቀ ዕለት ቦይለሩ ከቀዝቃዛ ተነስቶ ሁለት ሰዓት ገደማ በርቶ ጠፋ። ከማጠቢያው የወጣው 58 ዲግሪ ነበር። ድምፁ ጠፋ።

በስድስተኛው ወር ከፍተን አየነው። ድንጋዩ አንድ ኪሎ ያህል ነበር፣ በእጅ ተዝቆ አለቀ፣ አሲድ አላስፈለገም። ዘንጉን ፋቅሁት። ከውፍረቱ ሩብ ያህል ሄዷል፣ ከሥሩ ግራጫው ብረት ያበራል። በዚህ አካሄድ ለግማሽ የሚደርሰው ዓመት ሲሞላው ነው፣ ስለዚህ ለዚህ ቤት ዘንግ በዓመት አንዴ ይቀየራል ብለን ወሰንን። የአዲስ አበባን ለስላሳ የግድብ ውሃ የሚጠቀም ቤት ቢሆን ቀጣዩን ፍተሻ ወደ ሁለት ዓመት አርቀው ነበር። ቡናማዎቹ ነጥቦች ሦስት ናቸው፣ አልሰፉም።

ባለቤቷ ክዳኑ ላይ ቀኑን በማርከር ጻፉበት። ከሙቅ ቧንቧ ብቻ ቀይ ውሃ ካዩ፣ ወይም ከክዳኑ ሥር ከጎማው ሳይሆን ከስፖንጁ ውሃ ሲንጠባጠብ ካዩ፣ ዘንግ እንዳይገዙ ነግሬያቸዋለሁ። ያኔ የሚገዛው ቦይለር ነው።